ሁለተኛ ሱቅ ከመክፈታችሁ በፊት ደብተር ግዙ

ልጆቼ፣

ሐዋሳ ላይ የነጋዴ ሂሳብ ስሠራ ፀጉሬ ሸብቷል። ሱቁ የቀናለት ወጣት ሁሉ አንድ ቀን ይመጣና "ጋሼ፣ ሁለተኛ ልክፈት እንዴ?" ይለኛል። ዛሬ የአንዷን ነጋዴ ሂሳብ ላሳያችሁ። ለማስላት እንዲመች ቁጥሮቹን አጠጋግቻለሁ።

ልጅቷ ዐረብ ሰፈር የቤት ዕቃ ትሸጣለች። ድስት፣ ሳህን፣ ብርጭቆ፣ ፔርሙስ። በወር 900,000 ብር ያህል ትሸጣለች፤ ከ100 ብር ሽያጭ 20 ብሩ ትርፍ ነው። አቶቴ ላይ ጥሩ ቤት አገኘች። እዚያ በወር 500,000 ይሸጣል ብላ ገመተች፤ ግምቷ የተጋነነ አልነበረም። ከዚህ ትርፉ 100,000 ነው። ኪራይ፣ የሁለት ሻጭና የአንድ ኃላፊ ደሞዝ፣ ጥበቃና መብራት ሲደመር 65,000 ይወጣል። 35,000 ተረፈ። ቀብድ ልትከፍል ተነሳች።

"ከአቶቴ እየመጡ አሁንም ካንቺ የሚገዙት ስንት ናቸው?" አልኳት። አላወቀችም። ብዙ ነጋዴ አያውቅም።

ደብተር አስገዛኋት። ለሁለት ሳምንት ገንዘብ ስትቀበል ሁለት ነገር ትጠይቃለች፦ ሰፈርዎ የት ነው? የመጡት ለዚህ ብቻ ነው ወይስ ለሌላም ገበያ? ከጎኑ የተገዛውን ብር ትጽፋለች። ደንበኛ አይከፋውም፤ እንዲያውም ጨዋታ ይጀምራል።

ወደ ወር ሲመታ የአቶቴና የአካባቢው ሰዎች ግዢ 200,000 ሆነ። እነዚህ ሁሉ ወደ አዲሱ ሱቅ ቢዞሩ በእውነት የተጨመረው ሽያጭ 300,000 ብቻ ነው። ትርፉ 60,000፣ ወጪው 65,000። በየወሩ 5,000 ትከስራለች። ክፋቱ ደግሞ የአቶቴው መዝገብ 35,000 ትርፍ እያሳየ መቀጠሉ ነው። ኪሳራው የሚታየው ዐረብ ሰፈር ነው፤ እዚያ ደግሞ ሰው "ገበያው ቀዘቀዘ" ይላል እንጂ የራሴ ሱቅ በላኝ አይልም።

ሁለተኛው ጥያቄ የጠቀመን እዚህ ላይ ነው። ከ200,000ው 80,000 የሚሆነው ለሌላ ገበያ መሃል ከተማ የሚመጡ ሰዎች ግዢ ነበር። እነሱ አይዞሩም ብለን ያዝን። የሚዞረው 120,000 ከሆነ አዲሱ ሽያጭ 380,000፣ ትርፉ 76,000 ይሆናል። ወጪው ሲነሳ 11,000 ይተርፋል። ከ35,000 ወደ 11,000 ወረድን ማለት ነው።

ለ11,000 ብር ሁለት ቦታ መሮጥ ያዋጣል? መልሱ ያለው ሱቁን በሚይዘው ሰው ላይ ነው። እስካሁን ሱቁን የያዘችው እሷ ነበረች። እስከ ስንት እንደሚቀነስ፣ ለማን ዱቤ እንደሚሰጥ፣ የትኛው ዕቃ እንዳለቀ በጭንቅላቷ ነው ያለው። አቶቴ ስትሆን ዐረብ ሰፈርን የአጎቷ ልጅ ሊይዝ ነው። ጎበዝ ልጅ ነው፣ ታማኝም ነው። ቢሆንም ቤቱን ከመከራየቷ በፊት አንድ ወር ሙሉ እሱ ይያዘው፣ አንቺ እንዳትሄጂ፣ በየሰዓቱም እንዳትደውዪ አልኳት። ይቺን ወር ብዙዎች ይዘሏታል። እኔ ግን ከኪራይ ውሉ በላይ ትበልጣለች ባይ ነኝ።

ወሩ ሲጀመር ዕቃው ተቆጠረ፤ በተገዛበት ዋጋ 1,200,000 ብር። በወሩ የ650,000 ዕቃ ገባ። ሽያጩ 850,000 ነበር። ከዚያ 80 በመቶው የዕቃው ዋጋ ነው ብንል 680,000 ወጥቷል። ስለዚህ 1,170,000 መገኘት ነበረበት። ተቆጠረና 1,148,000 ሆነ። 22,000 ጎደለ።

ልጁ አልሰረቀም። ደንበኛ ሲከራከረው ከእሷ በላይ ይቀንሳል። የተሰበረ ብርጭቆ አይጻፍም። ለጎረቤት ሱቅ "ነገ እከፍላለሁ" ተብሎ የወጣ ሁለት ካርቶን ሳህን ደብተር ላይ የለም። ገና አቶቴ ሳይከፈት የአቶቴን ትርፍ እጥፍ አድርጎ ሄደ።

አሁን እያንዳንዱ ዕቃ ላይ ዋጋና ከዚያ በታች የማይወረድበት ልክ ተለጥፏል። ለሰባራና ለዱቤ የየራሱ ደብተር አለ። ሁለተኛው ሱቅ ሲከፈት ደግሞ ከአንዱ ወደ ሌላው የሚሄድ ዕቃ ሁሉ ሁለቱም ወገን የፈረሙበት ወረቀት ይዞ ነው ባጃጅ ላይ የሚጫነው። አለዚያ ጉድለቱ የማን እንደሆነ አይታወቅም። የቅርንጫፉን ንግድ ምዝገባና የሽያጭ ማሽን ጉዳይ ቀድማችሁ ንግድ ቢሮና ገቢዎች ጠይቁ፤ እዚህ ላይ ብዙ አልልም።

ከከፈታችሁ በኋላ የድሮውን ሱቅ ሽያጭ ከአምናው ተመሳሳይ ወር ጋር አስተያዩ፤ ፋሲካና ፍቼ ጨምበላላ ያረፉበትን ወር ግን እያያችሁ። ብሩን ብቻ አትዩ፤ ዋጋ ስለሚጨምር ሽያጩ ያደገ ይመስላል። የደረሰኙን ብዛት ቁጠሩ። ብሩ ቆሞ ደረሰኙ ከቀነሰ ሰው እየሄደባችሁ ነው።

ልጅቷ የአቶቴውን ቤት ለሌላ ሰው ለቃለች። የአጎቷ ልጅ ሱቁን ለአንድ ወር እንደገና ይዞታል፤ ቆጠራው በወሩ መጨረሻ ነው። እስከዚያ እሷ በዚያው ደብተር የሪፈራል አካባቢ ሰዎች ስንት እንደሚገዟት እየደመረች ነው።