ቃሉን ልከተል ወይስ ሐሳቡን? የተርጓሚዎች ጥያቄና መልስ

ረጅም የእንግሊዝኛ መጣጥፍ ወደ አማርኛ ስለመመለስ የደረሱኝን ጥያቄዎች አንድ ላይ ሰብስቤያለሁ። የመጀመሪያው ላይ ትንሽ ረዘም አድርጌ እቆያለሁ፤ የቀሩት አብዛኞቹ ከእሱ የሚወጡ ናቸውና።

„ሠላሳ ገጽ የሚሆን መጣጥፍ እየተረጎምኩ ነው። ቃል በቃል ስሄድ አማርኛው ይንገዳገዳል። ዘና ስል ደግሞ የጸሐፊው መሆኑ ይቀርና የእኔ ይሆናል። የቱን ልያዝ?"

ለሠላሳው ገጽ በሙሉ አንዱን መምረጥ የለብዎትም። ይልቅ ሁለት ነገሮችን ለያይተው ይያዙ። አንደኛው ጸሐፊው የሚለው ነገር ነው፦ ማን ምን አደረገ፣ የቱ ምክንያት ነው፣ የቱ ውጤት፣ ጸሐፊውስ ምን ያህል እርግጠኛ ነው። እዚህ ላይ የሰው ገንዘብ እንደሚቆጥር ሰው ጥብቅ ይሁኑ። ሁለተኛው የዓረፍተ ነገሩ አሠራር ነው። እዚህ ላይ የእንግሊዝኛው ዕዳ የለብዎትም። ችግር የሚመጣው ሁለቱን ስናገላብጥ ነው። አሠራሩን አጥብቀን ይዘን ሐሳቡን እንለቃለን።

በምሳሌ እንየው። አንድ ረጅም የእንግሊዝኛ ዓረፍተ ነገር ቃል በቃል ሲመለስ እንዲህ ሆነ እንበል፦

„ሐይቁ እየሸሸ መሆኑን ለዓመታት ሲያስጠነቅቁ የነበሩትን ዓሣ አጥማጆች የከተማዋ መሪዎች ለማዳመጥ አለመቻላቸው ከዚያ ወዲህ ማንም ሊቀለብሰው ወዳልቻለው ውሳኔ መራ።"

የሰዋስው ስህተት የለበትም። ግን አንብቦ የሚገባው ሰው መልሶ ያነበበ ብቻ ነው። ምክንያቱ ቀላል ነው። በእንግሊዝኛ እንዲህ ያለው ገላጭ ሐረግ ከስሙ በኋላ ይመጣል፤ በአማርኛ ከስሙ በፊት። ስለዚህ አንባቢው ዓሣ አጥማጆቹን ከማግኘቱ በፊት ስለ ሐይቁ፣ ስለ ማስጠንቀቂያውና ስለ ዓመታቱ ተሸክሞ ይሄዳል። ከውሳኔው በፊትም ሌላ ሸክም አለ። ይህ ሁሉ የሚያርፍበት ግስ መጨረሻ ላይ አንድ ብቻውን ቆሟል፤ እሱም „መራ" ነው። ምን ምንን መራ?

የባሰው ግን „ለማዳመጥ አለመቻላቸው" የሚለው ነው። „failure" የሚለው የእንግሊዝኛ ቃል ሲሻው አለመቻልን፣ ሲሻው ማድረግ እየተገባ ሳያደርጉ መቅረትን ያመለክታል። እዚህ ላይ ሁለተኛው ነው። መሪዎቹ መስማት ይችሉ ነበር፤ አልሰሙም። „አልቻሉም" ስንል ጸሐፊው የወቀሳቸውን ሰዎች እኛ ነጻ አወጣናቸው። ቃል በቃል መሄድ ታማኝነት ነው የሚል ሰው ካለ ይህችን ልብ ይበል።

አሁን ደግሞ ልቅ የሆነውን እንይ፦

„ዓሣ አጥማጆቹ ሐይቁ እየሸሸ ነው ብለው ቢጮኹም የከተማዋ መሪዎች ጆሮ ዳባ ልበስ አሉ። በዚህ ንቀታቸው የተነሣ ዛሬም ድረስ ያልተቀለበሰ አጉል ውሳኔ ወሰኑ።"

ደስ ይላል፤ ይነበባል። ግን „ጮኹ"፣ „ንቀት" እና „አጉል" የተርጓሚው ናቸው። „ለዓመታት" የሚለውም ጠፍቷል፤ የወቀሳው ክብደት ደግሞ እሱ ላይ ነበር። „ማንም ሊቀለብሰው አልቻለም" የሚለውም „አልተቀለበሰም" ሆኗል። የመጀመሪያው ሰዎች ሞክረው ሳይሳካላቸው መቅረቱን ይጠቁማል፤ ሁለተኛው ማንም ሳይሞክር ቀርቶም ሊሆን ይችላል።

እኔ እንዲህ አደርገዋለሁ፦

„ዓሣ አጥማጆቹ ሐይቁ እየሸሸ ነው እያሉ ለዓመታት አስጠንቅቀው ነበር። የከተማዋ መሪዎች ግን አልሰሟቸውም። አለመስማታቸው አንድ ውሳኔ አስከተለ፤ ያን ውሳኔ ከዚያ ወዲህ መቀልበስ የቻለ የለም።"

አንዱ ሦስት ሆነ፤ የተጨመረ ፍርድ ግን የለም፣ የተቀነሰም ነገር የለም። ውሳኔውን መጨረሻ ላይ ያስቀመጥኩት በአጋጣሚ አይደለም። በምሳሌያችን ቀጣዩ ዓረፍተ ነገር ስለ ውሳኔው ያወራል ብዬ ነው። ቀጣዩ ስለ ዓሣ አጥማጆቹ ቢሆን ኖሮ ቅደም ተከተሉን ገልብጬ እነሱን መጨረሻ ላይ አመጣ ነበር። ዓረፍተ ነገር ከመክፈልዎ በፊት ሁልጊዜ የሚቀጥለውን ያንብቡ።

በነገራችን ላይ ክርክሩ አዲስ አይደለም። መጽሐፍ ቅዱስን ወደ ላቲን የመለሰው ሄሮኒመስ በ4ኛው መቶ ዘመን ማብቂያ ላይ ቃሉን ሳይሆን ሐሳቡን እንደሚከተል በደብዳቤ ጽፏል። ቅዱሳት መጻሕፍትን ግን ለይቶ አስቀርቷል። ስለዚህ እሱም ቢሆን አንድ ሕግ ለሁሉም አላወጣም።

„ረጅም ዓረፍተ ነገር ሁሉ መቆረጥ አለበት እንዴ? ጸሐፊዬ ሆን ብሎ ነው የሚያረዝመው።"

ሁሉም አይቆረጥም። አማርኛም ረጅም መሄድ ያውቃል፤ መንገዱ ሌላ ነው። „ሰምቶ፣ አመዛዝኖ፣ ቀን ጠብቆ መለሰ" ስንል አንባቢው በየእርምጃው ያርፋል፤ የሚሸከመው የለም። ጸሐፊው ድርጊት በድርጊት ላይ እየደረደረ የሚያረዝም ከሆነ ይህ አካሄድ ይበጅዎታል። ምቱም አይሰበርም።

አንድ ጥንቃቄ አለ። እንዲህ ያለው ድርደራ የጊዜ ቅደም ተከተል ይዞ ይመጣል። እንግሊዝኛው „ዳኛው፣ የድሮ ወታደር የነበረው፣ ፈረደ" ሲል ወታደርነቱ ማብራሪያ ብቻ ነው። „ዳኛው ድሮ ወታደር ሆኖ ፈረደ" ካሉ ግን ወታደር እያለ የፈረደ መሰለ። እዚያ ላይ „ዳኛው ድሮ ወታደር ነበር" ብለው ለብቻው ያውጡት።

„ጸሐፊዬ ‚ምናልባት'፣ ‚ይመስላል' ያበዛል። አማርኛው ልፍስፍስ እንዳይል ግማሹን ብቆርጠውስ?"

አይቁረጡ። መጣጥፍ ውስጥ ጥርጣሬ ጌጥ አይደለም፤ የክርክሩ አካል ነው። ስንተረጉም ዓረፍተ ነገሩ እንዲያምር እየቆረጥን ጸሐፊውን ካለው በላይ እርግጠኛ እናደርገዋለን። እኔ ሳርም በብዛት የማገኘው ጥፋት ይሄ ነው።

ልፍስፍስ የሚያደርገው ጥርጣሬው ሳይሆን መደራረቡ ነው። „ምናልባት ድርቁ ፍልሰቱን አባብሶት ሊሆን ይችላል የሚል ግምት አለ" ብለው ከጻፉ ሦስት ጊዜ ተጠራጠሩ። አማርኛ ይህን ሥራ ግሱ ላይ በአንድ ምት ይጨርሰዋል። „ድርቁ ፍልሰቱን አባብሶት ሊሆን ይችላል" ካሉ በሩ ክፍት ነው። „ያባባሰው ይመስላል" ካሉ ማስረጃው ወደዚያ ያዘነብላል። „ሳያባብሰው አልቀረም" ካሉ ደግሞ ሊያምኑ ምንም አልቀረዎትም።

ሦስቱ እኩል አይደሉም። ስለዚህ ሥራውን ሲጀምሩ የጸሐፊውን የጥርጣሬ ቃላት በወረቀት ዘርዝረው እያንዳንዱን ከአንዱ ጋር ያጣምሩ። ያ ካልሆነ ገጽ 4 ላይ „ሊሆን ይችላል" ያሉት ሐሳብ ገጽ 26 ላይ „ሳይሆን አይቀርም" ይሆናል። አንባቢም ጸሐፊው በመሃል ሐሳቡን የቀየረ ይመስለዋል።

„አርታዒዬ ‚በእገሌ ተደረገ' የሚለውን ሁሉ ቀይ አስምሮበት መለሰልኝ። አማርኛ ተገብሮ የለውም ማለት ነው?"

አለው እንጂ። አርታዒዎ የጠሉት „ተደረገ" የሚለውን ሳይሆን „በእገሌ" የሚለውን ይመስለኛል። „ሕጉ በሁለት ባለሙያዎች ተረቀቀ" የሚለው የእንግሊዝኛ ጠረን አለው። እንግሊዝኛው እንዲህ የሚለው ብዙ ጊዜ ወሬው ስለ ሕጉ ስለሆነ፣ ሕጉን ፊት ለማምጣት ነው። አማርኛ ይህን ለማድረግ ተገብሮ አያስፈልገውም፦ „ሕጉን ሁለት ባለሙያዎች አረቀቁት።" ሕጉ ፊት መጣ፤ ግሱ ላይ ያለችው „ት"ም ወደ እሱ ትጠቁማለች።

አድራጊው ሆን ተብሎ ሲደበቅ ግን ተገብሮውን አይንኩት። „ስህተቶች ተፈጽመዋል" ብሎ የሸሸ ባለሥልጣንን „ስህተት ፈጽመናል" ብለው ቢተረጉሙት ያላለውን ኑዛዜ አስናዘዙት።

„የእንግሊዝኛ ፈሊጥ ሲያጋጥመኝ በአማርኛ ተረትና ምሳሌ ብተካው ይሻላል አይደል?"

አንዳንዴ። መጀመሪያ ግን ሁለት ገጽ ወደፊት ያንብቡ። ጸሐፊው „መርከቧ ሄዳለች" ብሎ ካለፈ „ጊዜው አልፏል" ማለት ይበቃል። „ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ" ማለትም ያምርዎት ይሆናል፤ ግን ተረቱ ሰውን ይሸረድዳል። ጸሐፊው የሚያዝን እንጂ የሚቀልድ ካልነበረ ድምፁን ቀየሩት። ደግሞ ከሦስት አንቀጽ በኋላ ስለ ወደቡና ወደብ ላይ ስለቀሩት መንገደኞች ካነሣ ምን ሊያደርጉ ነው? ጅቡን ይዘው ወደብ ሊገቡ አይችሉም። እንዲህ ሲሆን መርከቧን እንዳለች ይተዉአት።

„እንግሊዝኛው አንባቢውን በአንድ ቃል ነው የሚጠራው። እኔ አንተ ልበል፣ እናንተ ልበል ወይስ እርስዎ?"

መጀመሪያ በእርግጥ አንባቢውን እየጠራ መሆኑን ይለዩ። „ስታረጅ ትረሳለህ" ሲል ማንንም እየጠራ አይደለም፤ አማርኛው „ሰው ሲያረጅ ይረሳል" ነው። በመጣጥፍ ውስጥ አብዛኛው እንዲህ ነው። በእርግጥ ሲጠራ „እናንተ" ወንድና ሴት ስለማይለይ ይገላግላል። አንዱን መርጠው እስከ መጨረሻው ይዝለቁ። (እኔ እዚህ „እርስዎ" የምለው ጠያቂዎቹን በመልክ ስለማላውቅ ነው።)

„መጀመሪያ ሙሉውን ቃል በቃል ተርጉሜ በኋላ ባቃናው አይቀልም?"

በአብነት ትምህርት ቤት መምህሩ ግዕዙን መጀመሪያ በነጠላ ትርጉም ይፈታል፤ ከዚያ „አንድም" እያለ ያብራራል። እዚያ ይሠራል፤ ተማሪው ግዕዙን ከፊቱ አድርጎ ለማጥናት ነውና የተቀመጠው። የእርስዎ አንባቢ ግን እንግሊዝኛው ከፊቱ የለም። ቃል በቃል የተጻፈ ረቂቅ ደግሞ ዓይን ይለምደዋል። ሲያቃኑት ቃላት ይቀይራሉ፤ አጥንቱ ግን የእንግሊዝኛ እንደሆነ ይቀራል። ለጠመመ ዓረፍተ ነገር ብቻ ያድርጉት። ለቀረው አንቀጹን አንብበው፣ ቀና ብለው፣ ምን እንዳለ በቃልዎ ተናግረው ይጻፉ።

„ጨርሼ ሳነበው ሁሉም ደህና ይመስለኛል። በምን ልወቅ?"

ደህና የሚመስልዎት እንግሊዝኛው ጭንቅላትዎ ውስጥ ስላለ ነው። ቢቻል ሳምንት ያሳድሩት። ከዚያ እንግሊዝኛውን ዘግተው ድምፅ አውጥተው ያንብቡ። ትንፋሽ ያጠረዎት ወይም ወደ ኋላ የተመለሱበት ቦታ ላይ ምልክት ያድርጉ። እንግሊዝኛ የማያውቅ ሰው ቢያነብልዎ ደግሞ ይበልጣል፤ „ገባህ?" አይበሉት፣ „ምን አለ?" ብለው ይጠይቁት።

ሁለተኛውን ዙር እንግሊዝኛውን ከፍተው ይሂዱ፤ አማርኛውን ለማሳመር ግን አይሞክሩ። አፍራሽ ቃላትን፣ ቁጥሮችን፣ የጥርጣሬ ቃላትንና „ስለዚህ"፣ „ቢሆንም" የሚሉትን አያያዦች ብቻ ያመሳክሩ። ዓረፍተ ነገር ሲከፈል ቀድመው የሚጠፉት አያያዦቹ ናቸው። ሁለቱን ዙር በአንድ ጊዜ ለማድረግ ከሞከሩ ሁለቱም ይበላሻሉ።