ለታማሚ የሚነበብ የጸሎት ግጥም፦ የዛሬን ብቻ መለመን

ጥያቄ፦ «አክስቴ ሆስፒታል ከተኛች ወር አለፋት። እየዳነች ነው፤ ግን በጣም በዝግታ። አልጋዋ አጠገብ የማነብላት አጭር የጸሎት ግጥም ልጽፍላት ፈልጌ ቃሉ እምቢ አለኝ። ከየት ልጀምር?»

እህቴ፣ እግዚአብሔር አክስትሽን ይማርልሽ። እኔ እናቴን አስታምሜያለሁ። ወድቃ የታፋ አጥንቷ ተሰብሮ ቀዶ ጥገና ተደርጎላት፣ አቃቂ አካባቢ ሆስፒታል ብዙ ተኝታለች። በእሷ ዕድሜ አጥንት እስኪገጥም ወራት ይፈጃል። ስለዚህ የምነግርሽ ቶሎ ለማይድን ሰው ስለሚጻፍ ጸሎት ነው።

በዐቢይ ጾም አንዲት ዘመዳችን ረጅም ግጥም ጽፋ መጣች። ቃሉ ያማረ ነበር። «ለፋሲካ ቆመሽ ትሄጃለሽ» የሚል ስንኝ ነበረው። ሁላችንም አለቀስን። ፋሲካ አለፈ፤ እናቴ ገና ትራስ ተደግፋ መቀመጥ እየተማረች ነበር። አንድ ማታ «ፋሲካ እኮ አለፈ። እግዜር እኔን አልሰማኝም ማለት ነው?» አለችኝ። ቀን የቆረጠ ጸሎት ለታማሚ እንዲህ ይከብዳል። ቀኑ ሲያልፍ ጥፋቱን ወደ ራሷ ነው የምትወስደው።

ከዚያ በኋላ የጻፍኩላት የዛሬን ብቻ የሚለምን ነው፦

ጌታ ሆይ በምሕረት፣ እናቴን አትርሳት፤
ትናንት ያጎረስካት፣ ዛሬንም አትንሳት።

ዛሬ ቀና ብላ፣ ትራስ ተደግፋ፣
አጥሚት ስትቀምስ አየን፣ ይኸው ሆነን ተስፋ።

የሌሊቱን እንቅልፍ፣ የንጋቱን ብርታት፣
ጥቂት በጥቂቱ፣ አንተው አይተህ ስጣት።

ልኩ የወል ቤት ነው። በየስንኙ ስድስት ስድስት ቀለም ያላቸው ሁለት ሐረጎች አሉት። ጌ፣ ታ፣ ሆይ፣ በ፣ ምሕ፣ ረት ብለሽ በጣትሽ ቁጠሪው። ይህን የመረጥኩት ለትንፋሽ ብዬ ነው። ታማሚዋ አብራሽ ልትል ስትፈልግ መሃል ላይ ታርፋለች። አራት አራት የሆነው የቡሄ በሉ ምት ያጣድፋል፤ ለጭፈራ እንጂ ለአልጋ ዳር አይመችም።

መካከለኛው ጥንድ ስንኝ በየቀኑ ይቀየራል። ለእኔ የግጥሙ ልብ እሱ ነው። በዚያ ቀን በዓይንሽ ያየሽውን ትንሽ ነገር ታስገቢበታለሽ፦ ሁለት ማንኪያ አጥሚት፣ እግሯን ከአልጋ ማውረዷን፣ ሳትቃትት መገላበጧን። ታማሚ የትናንቱን ይረሳል፤ ሲነበብለት ግን «ለካ ተቀምጬ ነበር» ይላል። ያላየሽውን ግን አትጻፊ። የተኛችው እሷ ናት፤ ወዲያው ታውቅብሻለች።

ምንም ለውጥ የሌለበት ቀንም አለ። ትኩሳቱ ይመለሳል፣ ምግብ አልወርድ ይላል። እንዲህ ባለ ቀን መካከለኛውን በዚህ ቀየርኩት፦

ዛሬስ ባትነሳም፣ ድምፃችንን ሰምታ፣
እጃችንን ያዘች፣ ዓይኖቿን አንስታ።

ሌላው የምጠነቀቀው ቤት መድፊያውን ነው። ጆሮ ላይ የሚቀረው የስንኙ መጨረሻ ነው። አንዱን ስንኝ በ«ጌታ» ስትጨርሺ ብዕርሽ ሳታስቢው «በሽታ» ላይ ይወድቃል፤ ቤቱ ስለሚመታ ደስ ይልሻል። እሷ ጋ የሚቀረው ግን «በሽታ» ነው። መድፊያዎችሽን ብቻ ለብቻ ዘርዝረሽ አንብቢያቸው። ተስፋ፣ ብርታት፣ ስጣት እያሉ ከሄዱ ጥሩ ነው። ሞትና መቃብር «አድነህ አውጣት» ለማለት እንኳ ቢሆን በመድፊያው አይግቡ። ተኝታ ለምትሰማ ሰው የስንኙ ሐሳብ ሳይሆን ቃሉ ነው የሚሰማት።

ርዝመቱ ከስድስት ስንኝ ባይበልጥ እመክራለሁ። መድኃኒት የወሰደ ሰው ከዚያ በላይ ሳይሰማ ያንቀላፋል። እኔ የማነበው ማታ፣ ጠያቂ ከሄደ በኋላ ነበር። ጠዋት ሐኪሞች ሲዞሩ ይቋረጣል፣ ታማሚዋም ጆሮዋ እነሱ ጋ ነው። ድምፅሽን ዝቅ አድርጊ፤ ክፍሉ የሁሉም ነው። እኛ ጎን የተኙት ሙስሊም እናት ነበሩ። መጀመሪያ ፈቃዳቸውን ጠየቅኳቸው። በኋላ እሳቸው በእያንዳንዱ ጥንድ ስንኝ መጨረሻ «አሚን» ይሉ ነበር፤ እናቴም «አሜን» ትላለች። ስለዚህ ከየጥንዱ በኋላ ዝም የምትይበት ቦታ ተይ። መናገር ለደከመው ሰው አንዲት «አሜን» የራሱ ጸሎት ናት።

ለአክስትሽ ስታደርጊው «እናቴን» የሚለውን «አክስቴን» በይው፤ ቀለሙ እኩል ሦስት ነው። በክርስትና ስሟ መጥራት ከፈለግሽና ለምሳሌ ወለተ ማርያም ከሆነች፣ የመጀመሪያው ስንኝ «ወለተ ማርያምን፣ ጌታ ሆይ አትርሳት» ይሆናል። ሁለተኛው እንዳለ ይቀጥላል። የመካከለኛውን ጥንድ ግን ዛሬ ማታ ካየሻት በኋላ ጻፊው።