እናቴ ጥርስ የላትም፤ ምን ላብላት?

ጤና ይስጥልኝ። የምጽፍልዎት ከጅማ ነው። እማዬ 76 ዓመቷ ነው። ጥርሶቿ ከፊት ሦስት፣ ከኋላ አንድ ብቻ ቀርተዋል። ጠዋት ዳቦ በሻይ እየነከረች ትበላለች፣ ቀን አጥሚት በውሃ አፍልቼ እሰጣታለሁ፣ ማታ የድንችና የካሮት ሾርባ ነው። ሥጋ ሲገዛ የአጥንቱን መረቅ እሰጣታለሁ፣ ብርታት ይሆናታል ብዬ። ሥጋውን ስሰጣት አኝካ አኝካ ሲያቅታት ሰው ሳያይ ከሰሃኑ ሥር ትደብቀዋለች፤ ሳነሣ ነው የማገኘው። ከአምስት ወር በፊት ጤና ጣቢያ ስትመዘን 52 ኪሎ ነበረች፣ ባለፈው ሳምንት 46 ሆነች። ሰዎች የቆርቆሮ ዱቄት ወተት ግዢላት ይሉኛል፣ ደሞዜ ግን አይችለውም። ረቡዕና ዓርብም ትጾማለች። ምን ላብላት?
ልጇ፣ ከጅማ

እህቴ፣ ስለጻፍሽልኝ አመሰግናለሁ። ከደብዳቤሽ ውስጥ ዓይኔ መጀመሪያ ያረፈው መረቁ ላይ ነው። ብዙ ቤት እንዲህ ነው የሚደረገው፤ አጥንቱ ይቀቀላል፣ መረቁ ለታመመ ወይም ለሸመገለ ሰው ይቀዳል፣ ሥጋው ጥርስ ላለው ይተርፋል። መረቅ ይሞቃል፣ ይጣፍጣል፣ አፍ ያርሳል። ጡንቻን የሚጠብቀው ፕሮቲን ግን አብዛኛው ሥጋው ላይ ነው የሚቀረው። የቀረው ምግባቸውም እንደዚሁ ነው፦ ለስላሳ እንዲሆን ሲባል ቀጥኗል። ሆዳቸው በውሃ ይሞላና ጠገብኩ ይላሉ፣ ሰውነታቸው ግን ከራሱ ጡንቻ እየቆረጠ ይኖራል።

እስቲ እንቁጠረው። በእሳቸው ዕድሜ ላለ ሰው በቀን ለአንድ ኪሎ ክብደት ከ1 እስከ 1.2 ግራም ፕሮቲን ይመከራል፣ ስለዚህ በ46 ኪሎ ወደ 50 ግራም መሆን አለበት። በሁለት የሾርባ ማንኪያ ዱቄት በውሃ የተሠራ አንድ ብርጭቆ አጥሚት 2 ግራም ገደማ ነው ያለው። ዳቦውን፣ ሾርባውንና መረቁን ብትደምሪበት የጻፍሽልኝ ቀን 20 ግራም እንኳ አይሞላም። ዱቄት ወተት ስላልገዛሽ የመጣ ነገር አይደለም። ባለሽው ነገር ሊሞላ ይችላል። አንድ ነገር ብቻ፣ እናትሽ የኩላሊት ሕመም እንዳለባቸው ተነግሯቸው ከሆነ ፕሮቲኑን ከመጨመርሽ በፊት ሐኪማቸውን ጠይቂ።

ከአጥሚቱ ጀምሪ፣ ምክንያቱም ለምደውታል፣ ደግሞ በአንድ ቀን ሊለወጥ ይችላል። ሁለት ማንኪያ የአጃ ዱቄት በጥቂት ቀዝቃዛ ውሃ በጥብጪና በአንድ ብርጭቆ ወተት አፍይው። ሲወፍር ድስቱን አውርጂ። አንድ እንቁላል በትንሽ ቀዝቃዛ ወተት በደንብ ምቺ፣ ከትኩሱ አጥሚት ሁለት ሦስት ማንኪያ እየቀዳሽ እንቁላሉ ላይ ጨምሪ፣ ከዚያ ሁሉንም ቀስ እያልሽ፣ ሳታቋርጪ እያማሰልሽ ወደ ድስቱ መልሺው። ሦስት ደቂቃ ያህል ይንተክተክ። እንቁላሉን በአንዴ ከደፋሽው ይቋጠርና እንደ ፍርፍር ይሆናል፤ ብዙ ሰው እዚህ ላይ ነው ተበላሸብኝ ብሎ የሚተወው። ያ አንድ ብርጭቆ ከወተቱ 8፣ ከእንቁላሉ 6፣ ከአጃው 2 ግራም፣ በድምሩ ወደ 16 ግራም ፕሮቲን ይዞ ይወጣል። ከድሮው ስምንት እጥፍ ማለት ነው፣ ብርጭቆው ግን ያው ብርጭቆ ነው። ወተቱ ከሰፈር የሚመጣ ከሆነ መፍላት አለበት፣ ጥሬውን አትስጫቸው።

ምሳ ላይ ሽሮ። ሽሮ ጥርስ አይጠይቅም፣ በዱቄቱ ውስጥ ያለው ፕሮቲን ከአምስት አንድ ያህል ነው። ግን ቀጭን ሽሮ ደግሞ ያው ውሃ ነው። ለእሳቸው ብቻ ከአራት እስከ አምስት የተከመረ ማንኪያ ዱቄት (50 ግራም ገደማ) ተጠቅመሽ ወፈር አድርጊው፣ ድድ የሚቆጠቁጣቸው ከሆነ በርበሬውን ትተሽ አልጫ ይሁን። እንጀራውን ጠርዙን ቆርጠሽ መሃሉን በሽሮው ፈትፍቺው። ማታ የምስር ክክ ይምጣ። ደረቅ ክኩ ከውሃ ብርጭቆ ሩብ ከሆነ 12 ግራም ያህል ፕሮቲን አለው፣ ቶሎ ስለሚበስልም ለማገዶም ይረዳል። አተር ክክ ከፈለግሽ ቀድመሽ ዘፍዝፊው፣ ቀድሞ ያልራሰ ክክ ውጭው ይለሰልስና መሃሉ ይጠነክራል። መቅሰስ ላይ አንድ ብርጭቆ እርጎ ከሰጠሻቸው ሌላ 8 ግራም መጣ። እንጀራው በሁለቱ ጊዜ ወደ 8 ግራም ይጨምራል። ደምሪው፦ አጥሚቱ 16፣ ሽሮው 10፣ ክኩ 12፣ እርጎው 8፣ እንጀራው 8። ከ50 አለፈ፣ ሥጋ አልተነካም።

ለስላሳነቱን በዓይን አትገምቺ። ትንሽ ምግብ ሹካ ላይ አድርጊና በሌላ ሹካ ጫፍ፣ የአውራ ጣትሽ ጥፍር ነጭ እስኪሆን ብቻ እየገፋሽ ተጫኚው። ከተደፈጠጠና ወደ ቅርጹ ካልተመለሰ ምላስ ከላንቃ ጋር ገፍቶ ሊያደቅቀው ይችላል ማለት ነው። የተቀቀለ ድንች፣ የበሰለ ጎደሬና ዱባ ያልፋሉ፤ የደረቀ ዳቦ፣ ጥሬ ካሮት፣ የአተር ቅርፊት አያልፉም። ገንፎ ለስላሳ ቢሆንም ላንቃ ላይ ይለጠፋል፣ ስለዚህ ደረቅ አይሁን፣ በቅቤ ወይም በእርጎ ረጠብ ብሎ በትንሽ ማንኪያ ይሰጥ።

ስለ ቡላ አንድ ነገር ልበልሽ፣ እናንተ ዘንድ ሰው በጣም ይወደዋልና። ቡላ አፍ ውስጥ ይንሸራተታል፣ ለድድ የሚመች ነው፣ ግን ከሞላ ጎደል ስታርች ብቻ ነው፣ ፕሮቲን እምብዛም የለውም። ለብቻው እንደ ዋና ምግብ አትቁጠሪው። በወተት ይሠራ ወይም ከአይብ ጋር ይቅረብ። አቮካዶ ደግሞ ፕሮቲኑ ትንሽ ነው፣ ጉልበቱ ግን ትልቅ፤ 100 ግራሙ 160 ካሎሪ ያህል ነው፣ ክብደት ለቀነሰ ሰው ይህ ወርቅ ነው። ጅማ ላይ ደግሞ በወቅቱ ርካሽ ነው። የሐሙስ ገበያ ስትሄጂ ትንሽ ጠንከር ያሉትን ግዢ፣ ቤት ሲበስሉ በየተራ ይደርሳሉ። ግማሹን በሹካ ደፍጥጠሽ ትንሽ ሎሚ ጠብ አድርጊበት።

ሥጋ ሲኖር ምንቸት አብሽ ሥሪላቸው። ሩብ ኪሎ የተፈጨ ሥጋ ለእሳቸው አራት ጊዜ ይሆናል፣ በየጊዜው 60 ግራም ገደማ፣ ይህም ወደ 12 ግራም ፕሮቲን ነው። ቀይ ሽንኩርቱን በደንብ አብስለሽ፣ ሥጋውን እያፈረፈርሽ ጨምረሽ፣ እንክብሉ በማንኪያ ጀርባ እስኪፈርስ ድረስ በዝግታ አብስይው፤ ሲደርቅ ውሃ ጨምሪበት። ያን ያልሽውን የአጥንት መረቅ ደግሞ በውሃው ፋንታ እዚህ ላይ ተጠቀሚበት። ሥጋውን ሥር ሥር እየደበቁ እንዳያፍሩም ይረዳቸዋል። ሰው ማኘክ ሲያቅተው ልጁ ፊት መትፋት ያሳፍረዋል። ሰሃኑን ስታነሺ ያየሽውን እንዳልነገርሻቸው ተስፋ አለኝ፤ በሚቀጥለው ቀን ምግቡን መለወጥ ይሻላል።

ረቡዕና ዓርብ የሚጎድለው ወተቱ፣ እንቁላሉና እርጎው ነው። ስለዚህ አጥሚቱን በውሃ ሥሪና ሁለት የሾርባ ማንኪያ በደንብ የተፈጨ የለውዝ ቅቤ በጥብጪበት፤ አንዱ ብርጭቆ ወደ 10 ግራም ፕሮቲን ይሆናል። በቀን ሁለት ጊዜ ከጠጡት፣ ሽሮውና ክኩ እንዳሉ ስለሆነ፣ 50 ግራም ይሞላል። የለውዝ ቅቤ ለብቻው በማንኪያ አትስጪ፣ ይጣበቃል፣ ጉሮሮ ላይ ይቆማል። ለውዙን ስትገዢ የሻገተ ወይም የመረረ ካለ ጣይው። ረዥም ጾም ሲመጣ ግን ሌላ ነገር ነው። እንዲህ የከሱ አረጋዊት ከነፍስ አባታቸው ጋር ተነጋግረው ጾሙን የሚያቀሉበት ልማድ አለ፤ ቢቻል አብረሻቸው ሂጂ፣ ስንት ኪሎ እንደቀነሱ አንቺ ተናገሪ።

ቡናውንና ሻዩን አትከልክያቸው፣ ጅማ ላይ ማን ይከለክላል። ግን ከምግቡ ጋር አይሁን፣ ከበሉ በኋላ አንድ ሰዓት ያህል ይቆይ፤ ሻይና ቡና ከክኩና ከሽሮው የሚገኘውን ብረት ሰውነት እንዳይወስድ ያደርጋሉ። ሎሚው፣ ቲማቲሙና ፓፓያው በተቃራኒው ያግዛሉ።

ዱቄት ወተቱን እርሺው። የምትቆጥቢውን ገንዘብ እንቁላልና ወተት ላይ አውይው። ለለስላሳ መጠጥና ለታሸገ ጭማቂ ምንም አታውጪ፣ ስኳር ነው።

አሁን ግን አንድ ከባድ ነገር አለ። ከ52 ወደ 46 መውረድ በአምስት ወር ውስጥ ከክብደታቸው ከ11 በመቶ በላይ ነው። በስድስት ወር ውስጥ 10 በመቶ ከቀነሰ ሐኪም ማየት አለበት። ምግቡ ቢያንስም ሁሉንም ነገር ጥርስ ላይ አትለጥፊው፤ ስኳር፣ ቲቢ፣ የታይሮይድ ችግር፣ ድብርትም እንዲህ ያከሳሉ። ስለዚህ ምግቡን ዛሬ ለውጪ፣ ሐኪም ጋ ደግሞ በዚህ ሳምንት ውሰጃቸው። በዚያው አፋቸው ይታይ፣ የቀሩት አራት ጥርሶች ይወዛወዛሉ ወይ፣ ድዱ ቆስሏል ወይ። የጅማ ዩኒቨርሲቲ ሕክምና ማዕከል የጥርስ ክፍል አለው፣ ስለ ሰው ሠራሽ ጥርስም እዚያው ጠይቂ።

ሲበሉ ተመልከቻቸው። ሲውጡ የሚያስላቸው ከሆነ፣ ከበሉ በኋላ ድምፃቸው የረጠበ፣ የሚንቋረር የሚመስል ከሆነ፣ ወይም ትኩሳት እየተመላለሰባቸው ከሆነ ችግሩ ማኘክ ሳይሆን መዋጥ ሊሆን ይችላል፤ ያኔ ፍትፍቱንም አጥሚቱንም ባለሙያ ሳያይ እኔ የምልሽን አትከተይ። ያም ባይሆን ቀና ብለው ይብሉ፣ ከበሉም በኋላ ግማሽ ሰዓት ያህል አይተኙ።

በየሁለት ሳምንቱ በአንድ ሚዛን፣ ጠዋት፣ በተመሳሳይ ልብስ መዝኛቸው። ኪሎውን ከነቀኑ ደብተር ላይ ጻፊ። በወር ውስጥ 46 ከቆመ ወይም ግማሽ ኪሎ ከጨመረ መንገዱ ይዟል። እንዲህ በልተውም ወደ 45 ከወረደ ግን ደብተሩን ይዘሽ ሐኪሙ ጋ ተመለሺ፣ ምን ያህል እንደበሉም አብረሽ አሳዪው።