ቀኑ የተገለባበጠበት ኮለም፦ ጠይቁኝ

ደብረ ብርሃን ነኝ። የቢራ ገብስ ርክክብ መዝገብ ስሠራ ዓመታት ሆኖኛል። ከሥራዬ ግማሹ ገብስ ሳይሆን ቀን ማስተካከል ነው ማለት ይቻላል። ዛሬ ብርዱ ከቤት አያስወጣም፣ ስለዚህ ጠይቁ፣ እመልሳለሁ።

ከመሐል ሜዳ፦ ከሦስት መጋዘን የመጣ የገብስ ርክክብ አንድ ፋይል ላይ ሰበሰብኩ። የቀኑ ኮለም ግማሹ ወደ ግራ ግማሹ ወደ ቀኝ ተጠግቷል። ወደ ግራ ያሉት ናቸው አይደል የተበላሹት?

አይደሉም እህቴ፣ ነገሩ የተገላቢጦሽ ነው። ወደ ግራ የተጠጋው ኤክሴል ቀን መሆኑን ያልተረዳለት፣ እንደ ጽሑፍ የተወው ነው። ወደ ቀኝ የተጠጋው ቀን ብሎ የተቀበለው ነው። ችግሩ የተቀበለው ላይ ነው።

እንዲህ ሆኖ ይሆናል። መዝጋቢው ቀኑን አስቀድሞ ነው የሚጽፈው፣ እንደ ሁላችን። ኮምፒውተሩ ግን ሲገዛ እንደመጣ በአሜሪካ አጻጻፍ ነው ያለው፣ ወር ይቀድማል። ልጁ ዲሴምበር 5 ለማለት 05/12/2022 ብሎ ጻፈ። ኤክሴል ሜይ 12 ብሎ ተቀበለው፣ ምንም አላለም። በሳምንቱ 13/12/2022 ብሎ ጻፈ። አሥራ ሦስተኛ ወር ስለሌለ ኤክሴል ግራ ገባውና እንዳለ ተወው። ስለዚህ አስቀያሚ ሆኖ ግራ ላይ የቀረው ትክክለኛው ነው፣ አምሮ የተቀመጠው ነው የተገለበጠው።

ማረጋገጥ ቀላል ነው። ገብስ እኛ ጋ የሚገባው ከኖቬምበር እስከ ጃንዋሪ ነው እንበል። ወደ ቀኝ ያሉትን ብቻ ለይተሽ በወር ቁጠሪያቸው። በሜይ፣ በጁላይ፣ በኦገስት ገብስ ገባ ካለሽ፣ በክረምት ማን ነው ገብስ የሚያስረክበው? ቀናቸውን ደግሞ እዪው፣ ሁሉም 11 ወይም 12 ወይም 1 ይሆናል። እነዚያ ወሮች ናቸው፣ ወደ ቀን ቦታ ገብተው።

ሌላም ምልክት አለ። በወር ውስጥ ከ12 በላይ የሆኑት ቀናት 18 ወይም 19 ናቸው። ርክክቡ ከሞላ ጎደል በየቀኑ ካለ፣ ከአንድ መጋዘን ከመጣው ውስጥ 60 በመቶ አካባቢ ጽሑፍ ሆኖ ከቀረ ያ መጋዘን ተገልብጧል።

ከሸዋ ሮቢት፦ ይሄ ሁሉ ምን ያደርጋል? የኮምፒውተሩን ሪጅን ወደ እንግሊዝ አጻጻፍ ቀይሮ ፋይሉን እንደገና መክፈት ነው። እኔ እንደዛ አድርጌ ተስተካክሎልኛል።

ግማሹ ልክ ነህ። ሪጅኑን መቀየር ከዛሬ ጀምሮ የሚጻፈውን ያድናል፣ ሁላችሁም አድርጉት። ያንተ ፋይል ሲኤስቪ ከነበረና ማንም በኤክሴል ከፍቶ ሴቭ ካላደረገው ደግሞ እውነትም ይስተካከላል፣ ምክንያቱም ውስጡ ያለው ገና ጥሬ ጽሑፍ ነው። አንዴ የኤክሴል ፋይል ሆኖ ከተቀመጠ ግን 05/12 የሚባል ነገር ውስጡ የለም። ያለው 44693 የሚል ቁጥር ነው፣ እሱም ሜይ 12 ነው። ሪጅን ስትቀይር 12/05/2022 ሆኖ ይታይሃል፣ ቀኑ ግን ያው ሜይ 12 ነው። እንደውም ባሰ፣ ግራ የሚያጋባ ነገር ተጨመረበት።

ከመሐል ሜዳ፦ እሺ ገባኝ። ታዲያ እንዴት ልመልሰው? አንዱ መጋዘን ግን ወር አስቀድሞ ነው የሚጽፈው፣ የእሱ ልክ ነው ብለውኛል።

እሱን ማንሳትሽ ጥሩ። ከምንም በፊት አንድ ኮለም ጨምሪና እያንዳንዱ ረድፍ ከየትኛው መጋዘን እንደመጣ ጻፊበት። ይሄ ከሌለ የሚሠራ ፎርሙላ የለም። የመጀመሪያውን የቀን ኮለም አትንኪው፣ ጎኑ ላይ አዲስ ክፈቺ። ከዚያ ቀን ለሚያስቀድሙት መጋዘኖች ብቻ ይህን ስጪያቸው፦

```
=IF(ISNUMBER(B2),
  DATE(YEAR(B2),DAY(B2),MONTH(B2)),
  DATE(RIGHT(TRIM(B2),4),MID(TRIM(B2),4,2),LEFT(TRIM(B2),2)))
```

ቁጥር ከሆነ ቀኑንና ወሩን አለዋውጦ ይመልሰዋል። ጽሑፍ ከሆነ ከፋፍሎ ያነበዋል። `TRIM` የገባው በምክንያት ነው። አንድ ጊዜ መጨረሻው ላይ ባዶ ቦታ የነበረበት ቀን ዓመቱን 022 ብሎ አነበበልኝና 1922 ላይ ገብስ ተረከብን፣ በንግሥት ዘውዲቱ ዘመን እንኳን ያልነበርን ሰዎች። 13/1/2023 ተብሎ ወሩ በአንድ አኃዝ ከተጻፈ ደግሞ `#VALUE!` ይልሻል። እሱ ይሻላል፣ ቢያንስ ይጮኻል፣ በእጅ ታርሚዋለሽ።

የማይጮኸውን ነው የምፈራው። ይህን ፎርሙላ በስህተት ወር የሚያስቀድመው መጋዘን ላይ ብትጎትቺው፣ ዲሴምበር 25 ቀን 2022ን ገልብጦ 25ኛ ወር ያደርገዋል። ኤክሴል 25ኛ ወር የለም አይልሽም። ሁለት ዓመት ከአንድ ወር ቆጥሮ ጃንዋሪ 12 ቀን 2024 ብሎ ያስቀምጥልሻል። ስለዚህ ስትጨርሺ ትንሹንና ትልቁን ቀን በ`MIN` እና በ`MAX` እዪ።

ከዚያ በደረሰኝ ቁጥር ደርድሪው። ደረሰኝ 412 ዲሴምበር 3፣ 413 ኤፕሪል 12፣ 414 ዲሴምበር 4 ካለሽ፣ መሀል ላይ ያለው ዲሴምበር 4 ነው፣ አልተመለሰም። እኔ ከፎርሙላው ይልቅ የማምነው ደረሰኙን ነው።

ከዓለም ከተማ፦ የኔም ቀን ######## ሆኖብኛል። ይሄም ተገልብጦ ነው?

አይደለም ወንድሜ። ኮለሙ ጠቦ ነው፣ ጠርዙ ላይ ሁለቴ ክሊክ አድርግ። ሰፍቶም እንደዚያው ካለህ ቀኑ ከዜሮ በታች ወርዷል ማለት ነው፣ የሆነ ቦታ ቀን ከቀን ቀንሰሃል።

ከአንኮበር፦ እኛ ጋ «ታህሳስ 5 ቀን 2015» ተብሎም፣ «Dec 14, 2022» ተብሎም፣ 05/04/2015 ተብሎም አንድ ኮለም ውስጥ አለ። ሁሉም አንድ ቀን ነው። እንዴት አንድ ላደርገው?

ይሄ ነው የኛ አገር ጣጣ። መጀመሪያ ለሁሉም የምትስማሙበት አንድ አቆጣጠር ምረጡ። ዓመት-ወር-ቀን የሚለው 2022-12-14 አጻጻፍ የፈረንጁን አቆጣጠር ነው የሚጠብቀው። 2015-13-05 ብለህ ጳጉሜን ብታስገባ እንደ ቀን አይቀበልህም። የሀበሻውን ማየት የሚፈልግ ካለ ጎኑ ላይ እንደ ጽሑፍ ይቀመጥለት።

የወር ስሙን በፎርሙላ ለመያዝ አትድከም። ታህሳስ፣ ታሕሳስ፣ ታኅሣሥ፣ ለእኛ አንድ ነው፣ ለኮምፒውተር ሦስት ነው። ሚያዝያና ሚያዚያም እንደዚያው። ሌላ ሺት ላይ የተገኙትን አጻጻፎች በሙሉ አንድ አንዴ አስቀምጥ፣ ጎናቸው የወሩን ቁጥር ጻፍ፣ በ`VLOOKUP` አምጣው። አሥራ ሦስት ወር ብለህ ትጀምርና ሠላሳ ረድፍ ይሆንብሃል፣ አይድነቅህ።

ዓመት፣ ወርና ቀን በC፣ በD፣ በE ከተለያዩ በኋላ ከኛ ወደ ፈረንጅ የሚወስደው ይህ ነው፦

```
=365*C2+INT(C2/4)+30*D2+E2-691194
```

2015፣ 4፣ 5 ስታስገባ 44909 ይሰጥሃል። ሴሉን `yyyy-mm-dd` ብለህ ፎርማት ስታደርገው 2022-12-14 ይሆናል። ሰባት ዓመት ጨምሮ ቀኑን በግምት መግፋት አያዋጣም፤ ጳጉሜ 6 ስትሆን ከመስከረም ጀምሮ እስከ ፌብሩዋሪ መጨረሻ ድረስ አንድ ቀን ይዛነፍብሃል።

አንድ ነገር ተጠንቀቅ። 05/04/2015ን ወር የሚያስቀድም ኤክሴል ሜይ 4 ቀን 2015 ብሎ በፈረንጅ ተቀብሎታል። የሚያጋልጠው ዓመቱ ነው። ፋይሉ የ2022 ርክክብ ከሆነ 2015 የሚል ሁሉ የኛ ነው። መዝገቡ አሥር ዓመት የሚሸፍን ከሆነ ግን ይሄ ብልሃት አይሠራም። ጳጉሜ ደግሞ ጉድ ናት። ጳጉሜ 5 ለማለት 05/13/2015 የተጻፈው ሜይ 13 ሆኖ ቁጭ ይላል። እኔ ይህን ያገኘሁት ከሁለት ዓመት በኋላ ነው።

ከደብረ ብርሃን፣ ተማሪ፦ እኔ በፓይተን ነው የምሠራው። `dayfirst=True` ብዬ ጨረስኩ። ስህተት አላሳየኝም፣ አበቃ ማለት ነው?

አላበቃም። እሱ ትእዛዝ ሳይሆን ምርጫ ነው። 12/25/2022 ሲያጋጥመው ቀን ማስቀደም ስለማይቻል ዝም ብሎ ወር አስቀድሞ ሊያነብልህ ይችላል፣ ቢበዛ ማስጠንቀቂያ ይጽፋል። ለእያንዳንዱ ምንጭ አጻጻፉን በግልጽ ንገረው፣ ያልተነበበውንም አውጥተህ እይ፦

```
a = pd.to_datetime(s, format="%d/%m/%Y", errors="coerce")
print(s[a.isna()].unique())
```

ሁለተኛዋን መስመር የምትዘል ከሆነ `coerce` ባትጽፍ ይሻላል። ያልገባውን ሁሉ ባዶ አድርጎ ይውጠዋል።

ከደብረ ሲና፦ ሁሉንም 2022-12-14 አድርጌ ሲኤስቪ ላኩ። አለቃዬ ከፍቶ መልሶ ሲልክልኝ 12/14/2022 ሆኗል። ማን ነው የነካው?

ማንም አልነካውም፣ ሁለቴ ክሊክ አድርጎ ከፍቶ ሴቭ ብሎ ነው። ኤክሴል በራሱ አጻጻፍ መልሶ ጻፈው። ለማየት ብቻ ከሆነ የኤክሴል ፋይል ላክለት፣ ሲኤስቪውን ለራስህ ያዝ። አንተም መልሰህ ስትከፍት በ`Data` ሜኑ በ`From Text/CSV` አስገባና ቀኑን ጽሑፍ አድርገህ ተቀበል።

ከመሐል ሜዳ፦ ጨርሻለሁ፣ 19 ረድፍ ብቻ ቀረኝ። መጋዘኑ አልተጻፈም፣ ደረሰኙም የለም፣ 11/12 እና 12/11 ዓይነት ናቸው። ምን ላድርጋቸው?

እኔ ባዶ እተዋቸዋለሁ፣ ጥሬውን ጽሑፍ ጎኑ ላይ አስቀምጬ። ሁለቱም ወር የገብስ ወር ነው፣ በምን ትለዪዋለሽ?

ከሸዋ ሮቢት፦ ባዶ አይቀበሉም እኮ። አብዛኛው ቀን አስቀድሞ ከተጻፈ እነሱንም እንደዛ ማድረግ ነው።

አብዛኛው ማለት ሁሉም አይደለም። ግን እውነትህን ነው፣ ባዶ ከላኩ የሚመልስብኝ ቢሮ እኔም ጋ አለ። ግድ ካለሽ ሙዪውና «ግምት» የሚል ኮለም ጨምሪበት። ወይም ገብሱን ያስረከበው ገበሬ ስም ካለ ደውዪለት፣ አንዳንዱ የገበያ ቀኑን ያስታውሳል። ሁልጊዜ አይሳካም።