ሃይማኖቱን ለማላውቀው ሰው በበዓል ምን ልበል?

ሰላም ጋሼ፣ እንደምን አሉ። በቅርቡ የአንድ ቡድን ኃላፊ ሆኜ ተመድቤ በዓል ሲመጣ ሜሴጅ መላክ የኔ ሥራ ሆነ። ከተለያየ አገር የተሰባሰብን ነን፣ ግማሾቹን በስክሪን እንጂ በአካል አላውቃቸውም። ስማቸውን እያየሁ ይሄ ሙስሊም ነው ይቺ ክርስቲያን ናት እያልኩ ለየብቻ ልልክ አሰብኩና ፈራሁ። አንዱ ልጅ ደግሞ ግሩፑ ላይ ሁሉም እንኳን አደረሰህ እንኳን አደረሰሽ ሲባባል አንድ ቃል አይተነፍስም፣ ቅር ብሎት ይሁን አላውቅም። በዛ ላይ የሚደውልልኝን ደንበኛ ሁሉ «እግዚአብሔር ይባርክህ» ብዬ ነው የምሰናበተው፣ ያደግኩበት ነገር ስለሆነ መተው ከበደኝ። ምን ብል ይሻላል?

ግራ የገባኝ

* * *

ሰላም ላንቺ ይሁን ልጄ። ከስሙ ልጀምር፣ በስም መለየቱን ጨርሶ ተይው። ስም የሚነግርሽ ሰውየው ሲወለድ ቤተሰቡ ምን እንደወደደ ነው እንጂ ዛሬ እሱ ምን እንደሚያምን አይደለም። በግብፅም በሊባኖስም በሶሪያም አረብኛ ስም ያላቸው ክርስቲያኖች ሞልተዋል፣ ሃይማኖቱን ቀይሮ ስሙን እንደያዘ የቀረ ሰው አለ፣ እናቱ ከአንዱ አባቱ ከሌላው የሆነ አለ፣ ምንም የማያምንም አለ። እሺ ሃይማኖቱን በትክክል ገመትሽ እንበል፣ በዓሉ የሚከበርበትን ቀን ማወቅ ደግሞ ይቀርሻል። ገናን አብዛኛው የምዕራብ ክርስቲያን ዲሴምበር 25 ያከብራል፣ የግሪክ ኦርቶዶክሶችም እንደዛው፣ የሩሲያና የሰርቢያ ኦርቶዶክሶች ግን ጃንዋሪ 7 ነው፣ የአርመን ሐዋርያዊት ቤተክርስቲያን ደግሞ ጃንዋሪ 6። ፋሲካም እንደዚሁ ነው፣ በ2024 ካቶሊኮችና ፕሮቴስታንቶች ማርች 31 አክብረው ኦርቶዶክሶቹ ሜይ 5 ነበር የደረሱት። ማርች 31 ላይ ለአንድ ኦርቶዶክስ «እንኳን አደረሰህ» ብለሽ ብትልኪለት እኮ ሰውየው ገና ጾም ላይ ነው። የይሖዋ ምሥክሮች ደግሞ ክርስቲያን ነን ይላሉ ግን ገናንም ፋሲካንም ልደትንም አያከብሩም። ስለዚህ «ክርስቲያን ነው» የሚለው ግምት ልክ ሆኖም ሜሴጅሽ ሊስት ይችላል።

ታዲያ በምን ልወቅ ካልሽ፣ ሰውየው ራሱ በተናገረው ብቻ። ያን ቀን ዕረፍት ጠይቋል? ባለፈው ዓመት ስለ በዓሉ ራሱ አንስቶ አውርቷል? ስታተሱ ላይ ለጥፏል? እነዚህ የራሱ ቃል ናቸው፣ በነሱ መሄድ ትችያለሽ። ሻርፕ አደረገች፣ አንገቱ ላይ ነገር አየሁ፣ ከዛ አገር ነው የመጣው የሚለው ሁሉ ግን ያው ግምት ነው።

አሁን ኃላፊ ስለሆንሽ ደግሞ ሃይማኖት ሳትጠይቂ ቀኖቹን የምታውቂበት ቀላል መንገድ አለሽ። ለሁሉም አንድ አይነት ሜሴጅ ላኪ፣ «የዓመቱን የሥራ ፕሮግራም እያወጣሁ ነው፣ በሥራ እንዳትጠመዱ የምትፈልጉት ቀን ካለ በኢንቦክስ ላኩልኝ፣ ምክንያቱን መጻፍ አያስፈልግም» በይ። አንዱ የዒድን ይልክልሻል፣ አንዷ የሂንዱዎችን በዓል የዲዋሊን፣ አንዱ የእናቱን ሙት ዓመት ሊልክ ይችላል፣ አንዱ ምንም አይልክም። የላኩልሽን ላንቺ ብቻ ያዢው፣ ግሩፕ ላይ በሰንጠረዥ እንዳትለጥፊው፣ ሰው እምነቱን ላንቺ ነገረ ማለት ለሁሉም ነገረ ማለት አይደለም። ዒድ ግን በጨረቃ ስለሆነ አንዱ አገር ከሌላው በአንድ ቀን ሊለያይ ይችላል፣ ስለዚህ «ወይ በዚህ ወይ በሚቀጥለው ቀን» ተብሎ ቢጻፍልሽ አትገረሚ፣ ሁለቱንም ቀን ያዢለት፣ ሜሴጁን ደግሞ እሱ ባለበት አገር በዓሉ መሆኑ ከተነገረ በኋላ ላኪ።

ወደ አባባሉ ስንመጣ እኔ ሁሌ የምጠይቀው በዓሉ የማን ነው ብዬ ነው። የሱ መሆኑን ከራሱ አፍ ካወቅሽ በስሙ ጠርተሽ «እንኳን አደረሰህ» በይው፣ እዚህ ላይ ምንም መሽኮርመም የለም፣ አንቺ የሌላ እምነት ተከታይ ብትሆኚም ሰው በራሱ በዓል ሲታሰብ ደስ ይለዋል። በዓሉ ያንቺ ከሆነ ደግሞ ስለራስሽ ተናገሪ፣ «ነገ እኛ ጋ በዓል ነው፣ ሥራ አልገባም፣ አንተም ደህና ቆየኝ» ብትዪው ስለሱ አንድም ነገር አልገመትሽም፣ ሊመልስልሽ ቢፈልግ «እንኳን አደረሰሽ» ይልሻል። የማን እንደሆነ ሳታውቂ ለብዙ ሰው ስትጽፊ ነው «ለምታከብሩ» የምትለዋን ቃል የምትፈልጊው።

ለምሳሌ በሚቀጥለው ወር ዒድ አል-ፈጥር አለ እንበል፣ ከቡድኑ ሁለት ሰዎች ቀኑን ልከውልሻል፣ የሌሎቹን አታውቂም። ለነዚህ ለሁለቱ በኢንቦክስ «ዒድ ሙባረክ፣ ከቤተሰብህ ጋር ደስ ብሎህ ዋል፣ ሥራህን እኛ እንሸፍናለን» በይ። የመጨረሻዋ ቃል ከሁሉ በላይ ናት፣ መልካም ምኞት ከኃላፊ ሲመጣ ሥራው ላይ ካልታየ ባዶ ነው፣ በዓሉ ቀን ሚቲንግ ጠርተሽ ዒድ ሙባረክ ማለት አይሆንም። ግሩፑ ላይ ደግሞ «ነገ ዒድ አል-ፈጥርን ለምታከብሩ በሙሉ እንኳን አደረሳችሁ፣ ለሌሎቻችን መልካም ቀን» ብለሽ ጻፊና አቁሚ። ማንም እጁን አውጥቶ እኔ ነኝ እኔ አይደለሁም ማለት አይጠበቅበትም። ገና ሲመጣም በዚሁ ልክ ጻፊ፣ በዚሁ ርዝመት። ሰዎች ይሄን ያስተውላሉ፣ ለአንዱ በዓል ግጥምና አምስት ስቲከር፣ ለሌላው አንዲት መስመር ከሆነ ቅሬታው የሚመጣው ከቃሉ ሳይሆን ከልዩነቱ ነው።

ግሩፑ ላይ መልስ የሚጠብቅ ሰላምታ ግን አትጀምሪ። የኦርቶዶክሶች የፋሲካ ሰላምታ «ክርስቶስ ተነስቷል» ሲባል ሌላው «በእውነት ተነስቷል» ብሎ ይመልሳል፣ በአማኞች መሃል እጅግ የሚያምር ነገር ነው፣ እኔ ራሴ እወደዋለሁ። ግን እምነትን በአፍ መመስከር ነው። የሁሉም ሰው ግሩፕ ላይ ስትጽፊው የማያምነውን ሰው ወይ የማያምንበትን እንዲናገር ወይ በሰው ፊት ዝም እንዲል ታደርጊዋለሽ፣ ሁለቱም ይከብዳል። እሱን ከምታውቂው አማኝ ወዳጅሽ ጋር ተባባዪው።

ዝም የሚለው ልጅ ነገርም ከዚሁ ጋር ይገናኛል። ዝምታው ቅሬታ ላይሆን ይችላል፣ እምነቱ በዓል የማያከብር ሊሆን ይችላል፣ ወይ ሐዘን ላይ ነው፣ ወይ ደግሞ ግሩፕ ላይ መጻፍ የማይወድ ሰው ነው። ሃይማኖትህ ምንድነው ብለሽ እንዳትጠይቂው፣ አለቃው ነሽ፣ ካንቺ የመጣ እንዲህ ያለ ጥያቄ እምቢ ለማለት አይመችም። ለብቻው፣ በዓል በሌለበት ሰሞን፣ በሥራ ወሬ መሃል «በበዓላት ለሁሉም አጭር ሜሴጅ እልካለሁ፣ ላንተ ባይደርስህ የምትመርጠው ነገር ካለ ንገረኝ፣ ምንም ችግር የለውም» በይው። ተይኝ ካለሽ ተይው፣ ለምን እንዳትዪ፣ ግሩፕ ላይም በስሙ እየጠራሽ «አንተስ?» አትበዪው፣ ሌሎችም እንዲህ ሲሉት ካየሽ ወሬውን ወደ ሌላ ውሰጂው። ሳይመልስ ከቀረም እንደዛው ሰላም ብለሽው ሥራችሁን ቀጥሉ።

ሌላው ብዙ ሰው የሚሰናከልበት የሃይማኖት ቀን ሁሉ የደስታ ቀን ይመስለዋል። ስቅለት የደስታ ቀን አይደለም፣ «መልካም ስቅለት» የሚለውን ሜሴጅ ተቀብሎ የሚያዝን ሰው አለ። ዓሹራ ደግሞ ለሺዓ ሙስሊሞች የነቢዩ ሙሐመድ የልጅ ልጅ ሁሴን በ680 ካርባላ ላይ የተገደለበት የሐዘን ቀን ነው፣ ብዙ ሱኒዎች ግን በፈቃዳቸው ይጾሙታል፣ ያው አንድ ቀን ነው ሰላምታው ግን አንድ አይሆንም። የአይሁድ ዮም ኪፑርም የጾምና የንስሐ ቀን ነው፣ የሚጀምረውም ፀሐይ ስትገባ ከዋዜማው ማታ ነው፣ ስለዚህ ዕረፍት የጠየቀሽ ሰው የፊተኛውንም ቀን በጊዜ ሊወጣ ይችላል። ቀኑ ጾም ይሁን ሐዘን ይሁን ፈንጠዝያ ካላጣራሽ እንኳን አደረሰህም ደስ ይበልህም አትበዪ፣ «ነገ ላንተ ትልቅ ቀን እንደሆነ አውቃለሁ፣ በሰላም ዋል» በቂ ነው፣ ለየትኛውም ይሆናል። ጾም መሆኑን ካወቅሽ «ጾሙን ያቅልልህ» ማለት ይቻላል፣ የረመዳን መግቢያ ላይ ደግሞ «ረመዳን ሙባረክ» ነው፣ ዒድ ሙባረክ ለፍጻሜው ይቆይ።

የስልኩ ምርቃት። እናቶቻችን ያስለመዱንን ምርቃት መተው እንደሚከብድ አውቃለሁ፣ ከልብ የሚወጣ ነገር ነው፣ የቤትሽንም የወዳጅሽንም ሰው እንደለመድሽው መርቂ። ደንበኛው ግን አያውቅሽም፣ አንቺም አታውቂውም፣ ምናልባትም ስልኩን ያነሳው ተናድዶ ነው። አማርኛ ለዚህ ምስጋና ይግባውና የሰጪውን ስም ሳይጠራ የሚመርቅ ቋንቋ ነው። «ሰላም ያድርግህ»፣ «ይቅናህ»፣ «ዕድሜና ጤና ይስጥህ» ስትዪ አማኙ በልቡ የራሱን አምላክ ጠርቶ አሜን ይልሻል፣ የማያምነውም መልካም ምኞትሽን ይወስዳል። «ፈጣሪ ይጠብቅህ» ለሙስሊሙም ለክርስቲያኑም ይሄዳል፣ ለሁሉም ግን አይደለም፣ ለማያምን ሰው ያው የሃይማኖት ቃል ነው፣ ስለዚህ እሱ ራሱ መጀመሪያ «እግዚአብሔር ይመስገን» ወይ «አልሐምዱሊላህ» ካለ በኋላ ብትጠቀሚበት ይሻላል። ያኔም እሱ በጠራው ልክ አሜን በይ፣ ያንተ ሳይሆን የኔ የሚል ነገር አትጨምሪበት።

አምልጦሽ ብትዪና «እኔ አላከብርም» ቢልሽ ማብራሪያ አትደርድሪ። እንዴት ስምህ እንዲህ ሆኖ፣ እኔኮ የመሰለኝ፣ ምናምን እያልሽ ስትቀጥዪ ሰውየው አንቺን ማጽናናት ይጀምራል። «ይቅርታ፣ አላወቅኩም፣ መልካም ቀን ይሁንልህ» ብለሽ ወደ ጉዳዩ ተመለሺ፣ ስሙ ያለበት ማስታወሻ ካለሽ ደግሞ «የበዓል ሰላምታ አይላክለት» ብለሽ ጻፊ፣ ሃይማኖቱን ግን አትጻፊ። አንቺም የማታከብሪውን በዓል እንኳን አደረሰሽ የሚልሽ ደንበኛ ሲገጥምሽ ማረም አያስፈልግም፣ «አመሰግናለሁ፣ ላንተም መልካሙን ሁሉ» ብለሽ ተቀበዪው። በየዓመቱ የሚደውል ሰው ሆኖ እየደጋገመ ካስቸገረሽ ብቻ በእርጋታ ንገሪው።