ሁኔታው ከተለወጠ ስምምነቱም ይፈርሳል?

የሕግ ተማሪ፣ ደሴ፦ «በአገሮች መካከል የሚደረጉ ስምምነቶችን የሚገዛው የቪየና ኮንቬንሽን አንቀጽ 62 የሁኔታዎች መሠረታዊ ለውጥ ስምምነት ያስቀራል ይላል። ታዲያ ዳኞች ሲቀበሉት የማናየው ለምንድን ነው? ክፍል ውስጥ ‹መስፈርቱ ከባድ ስለሆነ› ተብሎ ታለፈ።»

ክብደቱ የሚገባሽ አንድ ጉዳይ ይዘሽ ስታዪው ነው። ሃንጋሪና ቼኮዝሎቫኪያ በ1977 (ዓመታቱ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን ናቸው) ዳኑብ ላይ በጋራ ግድቦች ሊሠሩ ተዋዋሉ፤ አንዱ ጋብቺኮቮ፣ ሌላው ናጅማሮሽ። ሃንጋሪ በ1989 በአካባቢ ጉዳት ስጋት ሥራ አቆመች፤ በግንቦት 1992 ደግሞ ስምምነቱን አፍርሻለሁ አለች። ሄግ ላለው ዓለም አቀፍ ፍርድ ቤት ያቀረበችው አራት ለውጥ ነበር፦ የፖለቲካ ሥርዓቱ ተለውጧል፣ ግድቡ እንደታሰበው አያዋጣም፣ ስለ አካባቢ ያለው እውቀት አድጓል፣ የአካባቢ ሕግም አድጓል።

ፍርድ ቤቱ በ1997 አራቱንም አልተቀበለም። ዳኞቹ ለውጥ የለም አላሉም። የጠየቁት «ገና ያልተፈጸመው ግዴታ ስትፈርሙ ከገባችሁበት ፍጹም ሌላ ነገር ሆኗል ወይ?» ብለው ነው። ትርፉ በ1992 ያነሰ ቢመስልም የሚሠራው ያው ግድብ ነው። የአካባቢ እውቀት ማደጉም ጨርሶ ያልታሰበ አልነበረም፤ ስምምነቱ ራሱ ውኃ ጥራትንና ተፈጥሮ ጥበቃን የሚመለከቱ፣ ከአዲስ ሁኔታ ጋር ለማጣጣም የሚያስችሉ አንቀጾች ነበሩት። ለእኔ የፍርዱ እምብርት እዚህ ጋ ነው። የማሻሻያ በር ያለው ስምምነት ለውጡን ቀድሞ አስቦታልና፣ በዚያ በር ሳይገቡ አፈረስኩ ማለት አይቻልም።

የአንቀጹንም አነጋገር ልብ በዪ። የተጻፈው «እነዚህ ካልተሟሉ ለማፍረሻ ምክንያት ማድረግ አይቻልም» በሚል የክልከላ ቃል ነው። ዳኞቹም ይህን አስታውሰው፣ ለየት ላለ ጊዜ ብቻ የሚሠራ ነው ብለዋል።

አንድ አባት፣ ኮምቦልቻ፦ «መጋዘኔን ለ5 ዓመት በቁርጥ ኪራይ አከራይቼ ዋጋው ሁሉ ሰማይ ወጣ። ሁኔታው ተለውጧልና ውሉን ላፍርስ?»

ጋሼ፣ እኛ የምናወራው በአገሮች መካከል ስላለ ስምምነት ነው፤ አንቀጽ 62 የእርስዎን ውል አይነካም። የእርስዎን የሚገዛው የፍትሐ ብሔር ሕጋችን ነው፤ ቁጥር 1764 ግዴታው ከታሰበው በላይ ቢከብድም ውሉ ይጸናል ይላል። የሚለወጠው በተዋዋዮቹ ስምምነት ወይም ሕግ ሲፈቅድ ነው። ስለዚህ መጀመሪያ ውልዎ ላይ ኪራይ ማስተካከያ አንቀጽ እንዳለ ይዩ፤ ከሌለ ተከራይዎን ቁጭ አድርገው ያነጋግሩ።

መምህር፣ ደሴ፦ «እንደ እኔ መንግሥት ሲለወጥ የቀድሞው የፈረመው ይወድቃል። ሃንጋሪ ከሶሻሊዝም ወጥታ ነበርኮ።»

ግማሹ ልክ ነው። ፍርድ ቤቱም የጊዜው ፖለቲካ ስምምነቱ ሲፈረም ሚና እንደነበረው አምኗል። ግን ስምምነቱ የተዋለው ለኃይል ማመንጫ፣ ለጎርፍ መከላከያና ለመርከብ ጉዞ ነው፤ እነዚህ ሶሻሊዝም ሲሄድ አብረው አይሄዱም። የፖለቲካ ሥርዓቱ የስምምነቱ ዓላማ ቢሆን ኖሮ፣ ለምሳሌ የርዕዮተ ዓለም ኅብረት ቢሆን፣ ክርክርዎ ይጠነክር ነበር። ደግሞ መንግሥት በተለወጠ ቁጥር የሚወድቅ ከሆነ ብድር የሚሰጥ ማን ነው?

ጠበቃ፣ ኮምቦልቻ፦ «ራኬን ዘለልከው። የአውሮፓ ፍርድ ቤት በ1998 ተቀብሎታል።»

ጥሩ አነሳህ፤ ሳልጠቅሰው ማለፍ አልነበረብኝም። የአውሮፓ ማኅበረሰብ ጦርነት ከተነሳባት ዩጎዝላቪያ ጋር የነበረውን የትብብር ስምምነት የንግድ ጥቅም በ1991 አገደ፤ ወይን አስመጪው ራኬ በዚህ የተነሳ የተጠየቀውን ቀረጥ ተቃወመ። ፍርድ ቤቱ እገዳውን አጸና፤ ሰላምና ስምምነቱን በመላ አገሪቱ የሚያስፈጽም ተቋም ከሌለ ትብብሩ መሠረት የለውም አለ። ነገር ግን ልዩነቱን እይ። ይህ እገዳ እንጂ ማፍረስ አልነበረም። ፍርድ ቤቱም የጠየቀው እገዳውን የወሰነው የማኅበረሰቡ ምክር ቤት ግልጽ ስሕተት ሠርቷል ወይ ብሎ ነው፤ ይህ ከሄጉ ይልቅ የላላ መለኪያ ነው።

ጠበቃው፦ «የላላም ቢሆን መቀበል መቀበል ነው። ጦርነት አንድን ስምምነት ባዶ ካደረገው ሄግም ዘላለም እምቢ አይልም።»

ሊሆን ይችላል። እኔ ግን ሄግ እስካሁን በዚህ ምክንያት ስምምነት ሲያፈርስ አላየሁምና፣ ራኬን ብቻ ይዘህ ለደንበኛህ ተስፋ አትስጥ።

ተማሪዋ፦ «ለድንበር ስምምነትስ?»

ጨርሶ አይሠራም፤ አንቀጹ ራሱ ድንበርን አውጥቶታል። ለውጡን ያመጣው ምክንያቱን የሚያነሳው ወገን የራሱ ጥሰት ከሆነም እንደዚያው ነው።

መምህሩ፦ «ታዲያ ሃንጋሪ ተገዳ ግድቡን ሠራች?»

አልሠራችም። ፍርድ ቤቱ ቼኮዝሎቫኪያንም ወንዙን ለብቻዋ ወደ ራሷ ቦይ በመምራቷ ጥፋተኛ አድርጎ፣ ሁለቱ ቅን ልቦና ይዘው እንዲደራደሩ አዘዘ፤ ናጅማሮሽ እንዲሠራ አላስገደደም። ቼኮዝሎቫኪያን በስምምነቱ የተካችው ስሎቫኪያ በ1998 ተጨማሪ ፍርድ ጠይቃ ነበር፤ በ2017 ጥያቄዋን አነሳች። ናጅማሮሽ ዛሬም ግድብ የለውም።