«አይስማማዎትም» የሚለው የምርመራ ውጤት

ጥያቄ፦ የአፋር ተወላጅ ነኝ፤ የምኖረው ስዊድን ነው። ከልጅነቴ ጀምሮ ወተት ስጠጣ ምንም ሆኜ አላውቅም። ከሁለት ወር ወዲህ ግን ሆዴን እየነፋኝ ሲያስቸግረኝ የዘረመል ምርመራ ታዘዘልኝ፤ ውጤቱ «ላክቶስ አይስማማም» ይላል። ሐኪሙም «አፍሪካውያን እንደዚያው ናችሁ» አሉኝ። ወተት ልተው?

መልስ፦ ለዘለቄታው ለመተው ገና ነው። መጀመሪያ የውጤት ወረቀቱ ላይ 13910 የሚል ቁጥር እንዳለ ይመልከቱ። ካለ፣ የተመረመረው በሰሜን አውሮፓውያን ዘንድ የተለመደው አንድ የዘረመል ፊደል ብቻ ሊሆን ይችላል።

የወተትን ስኳር፣ ማለትም ላክቶስን፣ የሚፈጨው ላክቴዝ የተባለ ኢንዛይም ነው። በአብዛኛው የዓለም ሕዝብ ኢንዛይሙ ጡት ከተጣለ በኋላ እየቀነሰ ይሄዳል። በአንዳንዶች ግን ዕድሜ ልክ ይመነጫል፤ ምክንያቱም ምርቱን የሚያዘው የዘረመል ክፍል በአንዲት ፊደል ተለውጧል። በ2002 በፊንላንዳውያን ላይ የተገኘው ለውጥ 13910 በሚል ቁጥር በሚታወቀው የፊደል ቦታ ላይ ነው። በ2007 ደግሞ በኬንያ፣ በታንዛኒያና በሱዳን አርብቶ አደሮች ላይ በተደረገ ጥናት፣ እዚያው አካባቢ ሌሎች ፊደሎች ተለውጠው ተገኙ። በምሥራቅ አፍሪካ 13907 እና 14010፣ በዐረብ ምድር 13915 ይታወቃሉ። የእርስዎ ሰውነት ከእነዚህ አንዱን ቢይዝ የአውሮፓው ምርመራ አያየውም።

ሐኪሙ «አፍሪካውያን» ማለታቸውም አያስኬድም። የአውሮፓው ለውጥ በሰሜን ሕንድም በምዕራብ አፍሪካ ፉላኒዎችም ዘንድ ይገኛል፤ አውሮፓዊ በሆነችው ሰርዲንያ ግን አብዛኛው አዋቂ ላክቶስ አይፈጭም። የቆዳ ቀለም ስለዚህ ፊደል የሚነግረን የለም። ከዚያ ይልቅ አያቶችዎ ከብትና ግመል ያረቡ እንደሆነ መጠየቅ የተሻለ ፍንጭ ይሰጣል፤ እሱም ቢሆን ፍንጭ እንጂ ምርመራ አይደለም።

የሚያዋጣው የትንፋሽ ምርመራ ነው። ሌሊቱን ጾመው አድረው 25 ወይም 50 ግራም ላክቶስ በውኃ ተበጥብጦ ይጠጣሉ፤ ከዚያ ለሦስት ሰዓት ያህል በየጊዜው ይተነፍሳሉ። ያልተፈጨው ስኳር ትልቁ አንጀት ሲደርስ ባክቴሪያዎች ያብላሉትና ሃይድሮጅን ይወጣል። መጠኑ ከመነሻው በ20 ክፍል በሚሊዮን ከጨመረ ስኳሩ አልተፈጨም ማለት ነው። ባለፉት አራት ሳምንታት አንቲባዮቲክ ወስደው ከሆነ ይናገሩ፤ ውጤቱን ያዛባል።

ይህን ሁሉ ዘመን ጠጥተውት አሁን ካወካዎት ግን እኔ በቅድሚያ የምጠረጥረው ጃርዲያን ነው። ጥገኛው የትንሹን አንጀት ግድግዳ ሲጎዳ ላክቴዝ ለጊዜው ይቀንሳል። ስለዚህ የሰገራ ምርመራ ይጠይቁ፤ ከተገኘ ይታከሙና ከጥቂት ሳምንታት በኋላ ወተቱን እንደገና ይሞክሩ። እስከዚያው እርጎ ይሻልዎታል፤ ባክቴሪያዎቹ ከላክቶሱ ከፊሉን አስቀድመው ጨርሰውታል። ክብደት ከቀነሱ ወይም ሰገራዎ ላይ ደም ካዩ ግን ጉዳዩ የወተት ላይሆን ስለሚችል ሳይዘገዩ ይታዩ።